ስለ ሪህ በሽታና በሌሊት በድንገት ስለሚነሣበት ምክንያት

(በሬዲዮ ከተነገረው ንግግር)



በአገራችን ሪህ የሚለው ስም ብዙ ሕመሞችን አንድ ላይ ሰብስቦ የያዘ ስም ነው። ጉልበቱን የሚቈረጥመውም፥ ወገቡን የሚይዘውም፥ ብርድ በመጣ ቍጥር ጣቶቹ የሚደነዝዙበትም ሰው «ሪህ አለብኝ» ይላል። ሐኪሞች ግን ከእነዚህ ሁሉ ለይተው ጋውት ብለው የሚጠሩት አንድ በሽታ አለ። ይህ በሽታ መነሻው በሚገባ የታወቀ፥ አካሄዱም ከሌሎቹ የመገጣጠሚያ ሕመሞች የተለየ፥ መድኀኒቱም የራሱ የሆነ ነው። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን ሪህ ስንል ስለዚሁ ስለ ጋውት ብቻ የምንናገር መሆናችንን አድማጮቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን። ዓመተ ምሕረቶቹንም ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የሪህን አመጣጥ አጥርተው ከጻፉት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሲደናም ነው። ሲደናም በ1683 ዓ.ም. ስለ ሪህ መጽሐፍ ሲያወጣ እርሱ ራሱ በዚሁ በሽታ ብዙ ዘመን የተሠቃየ ሰው ነበርና፥ የጻፈው ሁሉ በገዛ እግሩ ያወቀውን ነው። እርሱ እንደሚያስረዳው ሕመምተኛው በደኅና ይተኛል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ሲሆን በእግሩ አውራ ጣት ላይ በተነሣ ሕመም ይነቃል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሕመሙ እጅግ ከመበርታቱ የተነሣ የለበሰው አንሶላ ክብደት እንኳ የማይቻል ይሆንበታል፤ በክፍሉ ውስጥ ሰው ሲራመድ የሚሰማው የወለል መንቀጥቀጥም ያሠቃየዋል። ከሲደናም በኋላ ከ300 ዓመት በላይ ዐልፏል፤ ዛሬም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት የሚመጣ የሪህ ሕመምተኛ የሚናገረው ይህንኑ ነው። እንግዲህ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። በጣቱ ውስጥ የገባው ነገር ምንድር ነው? ስለ ምንስ ሌሊትን መርጦ ይነሣል?

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ለመስጠት ከሰውነታችን ሕዋሳት እንጀምር። በእያንዳንዱ ሕዋስ እምብርት ውስጥ ፒዩሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሕዋሳት ሲያረጁና ሲፈርሱ ይህ ፒዩሪን ይፈታል፤ እንዲሁም ሥጋ፥ ይልቁንም ጉበትና ኩላሊት፥ ስንበላ በውስጡ ያለው ፒዩሪን በሰውነታችን ይፈታል። ፒዩሪን ተፈትቶ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ዝቃጭ ዩሪክ አሲድ ይባላል። አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ይህን ዝቃጭ በቀላሉ በውኃ ወደሚሟሟ ሌላ ነገር የሚለውጥ ኤንዛይም አላቸው። የሰው ልጅና የዝንጀሮ ወገን የሆኑ ታላላቅ እንስሳት ግን ይህን ኤንዛይም ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ስላጡት፥ ዩሪክ አሲዱን እንዳለ ማስወጣት ግዴታቸው ነው። ከሚወጣውም ሦስት እጅ ሁለቱ እጅ ያህል በኩላሊት በኩል ከሽንት ጋር ይወጣል፤ የቀረው በአንጀት በኩል ይሄዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሪህ ጥጋብ የሚያመጣው በሽታ ነው፥ ባለጸጋ ብቻ ይይዛል፥ የሚል ወሬ በብዙ አገር ተሰምቷል። እውነቱ ግን ከዚህ ይለያል። ኩላሊት ከደም ካጣራው ዩሪክ አሲድ ውስጥ ከመቶ 90 ያህሉን መልሶ ወደ ደም ያስገባዋል። ይህ መመለስ በአንዳንድ ሰው ዘንድ ከልክ ያለፈ ይሆናል፤ የሚወርሱትም ከወላጆቻቸው ነው። አብዛኞቹ የሪህ ሕመምተኞች የታመሙት ዩሪክ አሲድ አብዝተው ስለሠሩ ሳይሆን ኩላሊታቸው በበቂ ስላላስወጣው ነው። መብልና መጠጥ ተጨማሪ ሸክም ናቸው እንጂ ብቻቸውን የበሽታው ሥር አይደሉም። ሴቶችም የወር አበባቸው እስኪቋረጥ ድረስ ሪህ ብዙ ጊዜ የማይይዛቸው፥ የሴትነት ሆርሞናቸው ኩላሊት ዩሪክ አሲድን እንዲያስወጣ ስለሚረዳ ነው።

አሁን ደግሞ ዩሪክ አሲድ በደም ውስጥ ሲበዛ ምን እንደሚሆን እንመልከት። ይህንንም ለማስረዳት ከማር የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ማር በሞቃት ስፍራ ሲቀመጥ እንደ ውኃ ይፈስሳል፤ ብርድ ሲመጣ ግን ይረጋል፥ በውስጡም ደቃቅ ቅንጣቶች ይታያሉ። ማሩ አልተለወጠም፤ ነገር ግን የያዘው ስኳር በሙቀት ጊዜ ሟሙቶ የቈየውን ያህል በብርድ ጊዜ ሟሙቶ መቈየት ስላልቻለ ነው። ዩሪክ አሲድም በደም ውስጥ ከጨው ጋር ተዋሕዶ እንዲሁ ሟሙቶ ይኖራል። የሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ሲሆን፥ በአንድ ዴሲሊትር፥ ማለት በሊትር አንድ ዐሥረኛ ውስጥ፥ ሟሙቶ መቈየት የሚችለው መጠን 6.8 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ቢወርድ ግን ይህ መጠን ወደ 4.5 ሚሊ ግራም ያሽቈለቍላል። ከዚህ መጠን በላይ የሆነው ሁሉ ለመርጋት የተዘጋጀ ነው።

የእግር አውራ ጣት ስለ ምን እንደሚመረጥ ከዚህ ይገባናል። እግር ከልብ እጅግ የራቀ ስለሆነ ከሌላው ሰውነት ይልቅ ቀዝቃዛ ነው። ደግሞም አውራ ጣት በእያንዳንዱ እርምጃ የሰውነትን ክብደት ተሸክሞ የሚገፋ ስለሆነ፥ የመገጣጠሚያው አጥንት የተለበደበት ለስላሳ ሽፋን በጊዜ ብዛት ይሻክራል። ማር በንጹሕ ዕቃ ውስጥ ሲሆን ዘግይቶ፥ የቀድሞ ቅንጣት በቀረበት ዕቃ ውስጥ ሲሆን ፈጥኖ እንደሚረጋ ሁሉ፥ ዩሪክ አሲድም የሻከረ ገጽ ሲያገኝ በዚያ ላይ መርጋት ይጀምራል። የረጋው ነገር ክሪስታል ይባላል። ቅርፁም በአጕሊ መነጽር ሲታይ በሁለት በኩል እንደ ሾለ መርፌ ነው። እነዚህ መርፌዎች በመገጣጠሚያው ሽፋን ላይ እንደ በረዶ ጤዛ ተነጥፈው ለብዙ ዓመታት ምንም ሕመም ሳያሳዩ ይቀመጣሉ።

እንግዲህ ሕመሙ ከየት መጣ? ይህን በግልጽ ያሳየው በ1962 ዓ.ም. በአሜሪካ የተደረገው ፈተና ነው። ፌርስና ማካርቲ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ንጹሕ የሆነውን የዩሪክ አሲድ ክሪስታል በገዛ ጉልበታቸው ውስጥ በመርፌ አስገቡ። በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ጉልበታቸው አብጦ ከባድ ሥቃይ ላይ ጣላቸው። በዚህም ተሐዋስያን ሳይኖሩበት ክሪስታሉ ብቻውን የሪህን ሕመም ሊያስነሣ እንደሚችል ተረጋገጠ። ሁኔታውም እንዲህ ነው። በሽፋኑ ላይ ተነጥፈው ከነበሩት መርፌዎች ጥቂቶቹ ተላቅቀው ወደ መገጣጠሚያው ፈሳሽ ይገባሉ። የሰውነት ዘበኞች የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳት እንደ ጠላት ቈጥረው ይውጧቸዋል። ነገር ግን መርፌውን መፍጨት አይችሉም። በዚህ ጊዜ የዋጠው ሕዋስ ኢንተርሉኪን አንድ የሚባል የማስጠንቀቂያ ንጥረ ነገር ይረጫል፤ ይህን የሰሙ ሌሎች ሕዋሳት በብዙ ሺህ ይጎርፋሉ፤ እነርሱም መርፌ ይውጣሉ፥ እነርሱም ይጮኻሉ። አንዱ መቶውን፥ መቶው ሺሁን እየጠራ የሚሄድ ስለሆነ፥ ሕመሙ ቀስ እያለ ሳይሆን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከምንም ተነሥቶ ከጣራ ይደርሳል። ድንገተኛ የመሆኑ ምስጢር ይህ ነው፤ ክምችቱ የዓመታት፥ ፍንዳታው ግን የሰዓታት ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄ፥ የሌሊቱን ነገር፥ አሁን እናንሣ። የሲደናም ሰዓት የአንድ ሰው ገጠመኝ ብቻ እንዳልሆነ በ2015 ዓ.ም. የወጣ የአሜሪካ ጥናት አሳይቷል። በዚህ ጥናት በ724 ሕመምተኞች ላይ የደረሱ 1,433 የሪህ መነሣቶች ሰዓታቸው ተመዘገበ። ከእነዚህም 733ቱ የተነሡት ከእኩለ ሌሊት እስከ ጧቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ነበር። በቀኑ ክፍለ ጊዜ የተነሡት 310 ብቻ ሲሆኑ፥ የቀሩት 390ዎቹ ከዚያ እስከ እኩለ ሌሊት የተነሡ ናቸው። እንግዲህ ሌሊቱ ከቀኑ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። አልኮል ባልጠጡትም፥ ሥጋና የመሳሰለውን ጥቂት ብቻ በበሉትም ሰዎች ዘንድ ሌሊቱ እንደዚሁ በለጠ። ስለዚህ ምክንያቱ የማታው ግብዣ ብቻ ነው ለማለት አይቻልም።

ሊቃውንት የሚሰጡት ማብራሪያ ብዙ ነው፤ አንዱ ብቻውን ሙሉ መልስ ይሆናል ባይባልም፥ ተባብረው እንደሚሠሩ ይታመናል። የመጀመሪያው የውኃ ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ በእግራችን ስንቆምና ስንሄድ በእግር መገጣጠሚያዎች ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ ይጠራቀማል። ተኝተን እግራችን ሲያርፍ ይህ ውኃ ወደ ደም ይመለሳል፤ ዩሪክ አሲዱ ግን እንደ ውኃው ፈጥኖ መውጣት አይችልም። ወጥ ከድስት ውስጥ ውኃው ሲተን ጨው እንደሚበዛበት ሁሉ፥ በመገጣጠሚያው የቀረው ፈሳሽ ይወፍራል። ይህን አሳብ ሲምኪን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1977 ዓ.ም. አቅርቦታል። በዚህ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ውኃ አንጠጣም፤ በላብና በትንፋሽ ግን እናወጣለን።

ሁለተኛው የሆርሞን ነገር ነው። ሰውነታችን እብጠትንና ቍጣን የሚያበርድ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ይሠራል። ይህ ሆርሞን ጧት ከፍ ይላል፥ እኩለ ሌሊት ገደማ ግን እጅግ ዝቅ ይላል። በቀን ቢሆን ሊበርድ ይችል የነበረው የሕዋሳት ጩኸት፥ ገላጋይ በሌለበት ሰዓት ይቀጣጠላል ማለት ነው። ሦስተኛውም የሰውነት ሙቀት በሌሊት ዝቅ የሚል መሆኑ ነው፤ የሙቀት መውረድ ለክሪስታል ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ከማሩ ምሳሌ አይተናል። በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሻቸው እየተቋረጠ የሚያንኰራፉ ሰዎችም አሉ፤ በእነርሱ ዘንድ ሕዋሳት አየር ሲያጥራቸው የዩሪክ አሲድ መጠን ይጨምራል።

ይህን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ አድርገን እንመልከተው። ለምሳሌ ያህል ዕድሜው 48 ዓመት የሆነ፥ በመዝገብ ቤት የሚሠራ አንድ ሹም አለ እንበል። ለደም ግፊቱ ሽንት የሚያበዛ ክኒን ይወስዳል። ይህም ክኒን ግፊቱን ቢያወርድም ኩላሊት ዩሪክ አሲድን እንዲይዝ ያደርጋል። ስለዚህ ሳያውቀው ለብዙ ዓመት የደሙ ዩሪክ አሲድ 8.5 ሚሊ ግራም ሆኖ ኖሯል፤ ይህ ከ6.8 በላይ ስለሆነ ክሪስታሉ በአውራ ጣቱ ላይ በዝምታ ሲነጠፍ ቈይቷል። ሑዳዴን ጾሞ የፋሲካ ዕለት ቍርጥ በላ፥ ጠጅም ጠጣ። አልኮል የዩሪክ አሲድን መሠራት ያበዛል፥ መውጣቱንም ይከለክላል። በማግሥቱ በአዲስ ጫማ ዘመድ ሲጠይቅ ዋለ። ሌሊት 8 ሰዓት ሲሆን ጣቱ እንደ ፍም ነድዶ፥ ቀልቶና አብጦ ቀሰቀሰው።

ሲነጋ «በአዲሱ ጫማ ወለም ብሎኝ ነው» አለና ወጌሻ አስጠራ። ወጌሻውም አሸው፤ መታሸቱም የተቈጣውን መገጣጠሚያ ይበልጥ አስቈጣው። በሦስተኛው ቀን እያነከሰ ሐኪም ቤት ሄዶ ደሙ ሲመረመር ዩሪክ አሲዱ 6.3 ሆኖ ተገኘ። «መጠኑ ደኅና ነው፥ ሪህ አይደለም» ተብሎ ተመለሰ። በዘጠነኛው ቀን ሕመሙ በራሱ ጊዜ ለቀቀው፤ እርሱም ያዳነው ወጌሻው ነው ብሎ አመነ።

አድማጮቻችን በዚህ ታሪክ ውስጥ ያሉትን ሦስት ወጥመዶች ልብ ይበሉ። አንደኛ፥ የመነሻው ሕመም ያለ መድኀኒት እንኳ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበርዳል። ስለዚህ በዚያን ሰሞን የተደረገ ነገር ሁሉ መድኀኒት ይመስላል፤ ክሪስታሉ ግን በቦታው አለ። ሁለተኛ፥ ሕመሙ በተነሣበት ጊዜ የደም ዩሪክ አሲድ ለጊዜው ሊወርድ ይችላል። የሹማችን ደም ከሦስት ሳምንት በኋላ ቢመረመር ኖሮ 8.6 ሊሆን በቻለ ነበር። ስለዚህ በሕመሙ ወራት የተገኘ ደኅና ቍጥር ሪህ የለም አያሰኝም፤ ሕመሙ ከበረደ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ መመርመር ያስፈልጋል። በአንጻሩም ዩሪክ አሲዳቸው ከፍ ያለ ብዙ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ሪህ ሳይነካቸው ይኖራሉና፥ ከፍ ያለ ቍጥርም ብቻውን ሪህ ነው አያሰኝም። የማያወላውለው ማስረጃ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ በመርፌ ቀድቶ ክሪስታሉን በልዩ አጕሊ መነጽር ማየት ነው።

ሦስተኛው ወጥመድ ከሁሉ የከፋ ነው። በመገጣጠሚያ ውስጥ ተሐዋስያን ገብተው መግል ሲይዝ እንደ ሪህ ያቀላል፥ ያሳብጣል፥ ያሳምማል። ይህ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ መገጣጠሚያውን የሚያበላሽ፥ ለሕይወትም የሚያሰጋ ነው። ስለዚህ ከእብጠቱ ጋር ከፍ ያለ ትኵሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያለበት ሰው፥ ወይም በቆዳው ላይ ቍስል ያለበት ሰው፥ «የለመደብኝ ሪህ ነው» ብሎ ቤቱ ሳይቀመጥ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

የሪህ መድኀኒት ሁለት ዐይነት መሆኑን ማወቅ ብዙ ስሕተት ያስቀራል። አንደኛው ዐይነት የተነሣውን ቍጣ የሚያበርደው ነው። ኮልቺሲን፥ እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉ ክኒኖችና ፕሬድኒሶሎን በዚህ ወገን ይቈጠራሉ። ኮልቺሲን ሕመሙ በተነሣ በመጀመሪያው ቀን ሲወሰድ ይበልጥ ይረዳል፤ ነገር ግን ከታዘዘው መጠን ቢያልፍ መርዝ ነው። ኢቡፕሮፌንም ኩላሊቱ ለደከመ ወይም ጨጓራው ለቈሰለ ሰው ጕዳት አለው። ስለዚህ የትኛው ለማን እንደሚስማማ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። እነዚህ መድኀኒቶች እሳቱን ያጠፋሉ እንጂ ማገዶውን አያነሡም።

ማገዶውን የሚያነሣው ሁለተኛው ዐይነት ነው፤ ዋነኛውም አሎፑሪኖል ይባላል። ይህ መድኀኒት የዩሪክ አሲድን መሠራት ይቀንሳል። ሕመሙ በዓመት ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ለሚነሣበት፥ ወይም በመገጣጠሚያው አጠገብ የዩሪክ አሲድ እብጥ ላወጣ ሰው ይታዘዛል። ብዙውን ጊዜ በ100 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ ባነሰ ተጀምሮ፥ ደም እየተመረመረ ቀስ በቀስ ከፍ ይላል። ግቡ የደም ዩሪክ አሲድን ከ6 ሚሊ ግራም በታች ማድረግ ነው። 6 የተባለበት ምክንያት ከላይ ከተናገርነው ጋር የተያያዘ ነው፤ መጠኑ ከመርጊያው ወሰን ከ6.8 ዝቅ ካለ፥ የረጋ ማር ሲሞቅ እንደሚቀልጥ፥ የተነጠፈው ክሪስታልም ቀስ በቀስ ተመልሶ ይሟሟል። ይህ ግን የወራት፥ አንዳንድ ጊዜም የዓመታት ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሕመምተኛ የሚሰናከልበት ነገር አለ። አሎፑሪኖል በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሪሁ ከፊተኛው ይልቅ ደጋግሞ ሊነሣ ይችላል። ሕመምተኛውም «መድኀኒቱ አባሰብኝ» ብሎ ይጥለዋል። ነገሩ ግን መሟሟት የጀመረው ክሪስታል ከሽፋኑ እየተላቀቀ ወደ ፈሳሹ ስለሚገባ ነው። ሐኪሞች ይህን ስለሚያውቁ ለመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወራት ጥቂት ኮልቺሲን አብረው ያዛሉ። ስለዚህ ሪሁ ቢነሣም አሎፑሪኖሉን ማቋረጥ አይገባም። የሚቋረጠው በቆዳ ላይ ሽፍታ የወጣ እንደሆነ ነው፤ በዚያን ጊዜ ወዲያው አቁሞ ለሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል።

ስለ መብል ጥቂት ተናግረን እናብቃ። በጥናት እንደ ታወቀው የሥጋና የዓሣ ብዛት ለሪህ ያጋልጣል፤ ከመጠጥም ወገን ቢራ ይከፋል፤ በስኳር የጣፈጠ ለስላሳ መጠጥም እንዲሁ። ምስርና አተርን የመሰለ እህል ግን፥ ፒዩሪን ቢኖርበትም፥ ሪህን አላበዛም፤ ወተትና እርጎም ይረዳሉ እንጂ አይጐዱም። በመሆኑም ሽሮና ምስር ወጥን ፈርቶ የሚተው ሕመምተኛ ያለ ምክንያት ራሱን ይቀጣል። ይሁን እንጂ በመብል ጥንቃቄ ብቻ የሚወርደው የዩሪክ አሲድ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ግራም ብዙም አይበልጥም። የሹማችንን 8.5 ወደ 7.5 ቢያወርደው እንኳ ገና ከመርጊያው ወሰን በላይ ነው። ለእርሱ የሚበጀው የጣቱን ነገር ለሐኪሙ በዝርዝር ነግሮ፥ ሽንት የሚያበዛውን የግፊት ክኒን በራሱ ሥልጣን ሳይተው በሌላ ይለወጥለት እንደሆነ ጠይቆ፥ ደሙን ሕመሙ ከበረደ በኋላ ደግሞ ማስመርመር ነው።